12,000 ቢቲዩ፣ 3,500 ዋት እና 1,100 ዋት፦ ለአንድ የጎንደር መድኃኒት ቤት ኤሲ መምረጥ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር 6 በ4.5 ሜትር የሆነ ሱቅ ተከራይቼ መድኃኒት ቤት ልከፍት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ሲሆን ትልቅ መስታወት አለው። ግራና ቀኙ ሌሎች ሱቆች ናቸው። ሦስት ሻጮች ጋ ሄጄ ነበር። አንዱ 12,000 ቢቲዩ፣ ሁለተኛው 3,500 ዋት፣ ሦስተኛው ደግሞ 1,100 ዋት ኤሲ አለኝ አሉኝ። የሁለተኛው ወረቀት ኢኢአር 3.24፣ የሦስተኛው 10.9 ይላል። 1,100 ዋቱ አቅም አይኖረውም ብዬ ፈራሁ፤ ኢኢአሩ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የትኛውን ልግዛ?»

ምላሽ፦

ሦስቱም ሻጮች በመጠን ረገድ ያቀረቡልዎት አንድ ዓይነት ማሽን ነው። አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ፣ ሦስተኛው ደካማ የሚመስሉት ሁለቱ የማቀዝቀዝ አቅምን በተለያየ መለኪያ ስለነገሩዎት፣ ሦስተኛው ግን አቅሙን ትቶ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ስለነገረዎት ነው። የሁለቱ ኢኢአርም ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ወደ አንድ ቋንቋ እናምጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ መጠን ለእርስዎ ክፍል ይበቃል ወይ የሚለው፣ ብቻውን ይቀርልናል። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ክፍሉ አሁን ባለበት ሁኔታ ከሦስቱ አንዱም አይበቃውም።

ቢቲዩ የሙቀት መጠን መለኪያ ነው። አንድ ፓውንድ ውኃ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት እንዲሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ቢቲዩ ይባላል። ኤሲ ሻጭ «12,000 ቢቲዩ» ሲል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከክፍሉ ተለቅሞ ወደ ውጭ የሚጣለውን ሙቀት ማለቱ ነው፤ «በሰዓት» የሚለውን ቃል ሁሉም እየዋጠው ስለሚናገር ግን መጠሪያው ባዶ ቁጥር ሆኖ ቀርቷል። ዋትም ሙቀት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ሊለካ ይችላል። አንድ ዋት በሰዓት 3.412 ቢቲዩ ነው። ስለዚህ 12,000ን ለ3.412 ሲያካፍሉ 3,517 ዋት ያገኛሉ፤ የሁለተኛው ሻጭ «3,500 ዋት» ይኸው ነው። በዚሁ ስሌት 9,000 ቢቲዩ ወደ 2,640 ዋት፣ 18,000 ቢቲዩ ወደ 5,275 ዋት፣ 24,000 ቢቲዩ ደግሞ ወደ 7,030 ዋት ይሆናል። አንዳንድ ሱቅ ውስጥ «ባለ አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት» ቢሉዎትም አይደናገሩ፤ ብዙ ጊዜ ለዚሁ ለ12,000 ቢቲዩ የተሰጠ የገበያ ስም ነው፣ ለስሌት ግን አይመኩበት።

የሦስተኛው ሻጭ 1,100 ዋት ሌላ ነገር ነው። እሱ ከሶኬት የሚሳበው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሲ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት በጋዙ አማካይነት አንስቶ ከውጭ በተሰቀለው ክፍል በኩል ይጥለዋል። ኤሌክትሪኩ ለተሸካሚው የሚከፈል ዋጋ ነው፣ የተሸከመው ጭነት ግን ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል፤ ደህና ማሽን በ1,100 ዋት ኤሌክትሪክ 3,500 ዋት ሙቀት የሚያወጣው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የለመደ ሰው ዋት ሲባል የሚመጣበት የሚበላው ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ኤሲ ላይ ሁለት የተለያዩ ዋቶች መኖራቸው ያሳስተዋል። በመሆኑም ማንም ሻጭ ዋት ሲጠራልዎት ወዲያውኑ «የማቀዝቀዣው ነው ወይስ የሚበላው?» ብለው ይጠይቁ። መመለስ ካልቻለ በማሽኑ ጎን የተለጠፈውን ሰሌዳ ራስዎ ያንብቡ፤ ሁለቱም ቁጥሮች እዚያ ለየብቻ ተጽፈዋል።

የኃይል ብቃት ምጣኔ፣ ማለትም ኢኢአር የሚሉት፣ የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ድርሻ ነው፤ የማቀዝቀዝ አቅሙ ለሚበላው ኤሌክትሪክ ይካፈላል። ችግሩ አቅሙን አንዳንዱ አምራች በቢቲዩ፣ ሌላው በዋት አድርጎ ማካፈሉ ነው። የሦስተኛው ሻጭ ወረቀት 12,000 ቢቲዩን ለ1,100 ዋት አካፍሎ 10.9 አግኝቷል። የሁለተኛው 3,500 ዋትን ለ1,080 ዋት አካፍሎ 3.24 አግኝቷል። 10.9ን ለ3.412 ቢያካፍሉት 3.19 ይወጣል። ስለዚህ ሦስት እጥፍ ይበልጣል ያሉት ማሽን እንዲያውም በጥቂቱ ያንሳል፤ ልዩነታቸው ግን ከሁለት በመቶ ስለማይበልጥ በእሱ ብቻ አይወስኑ። ለዓይን የሚሆን ምልክት ልስጥዎት፦ ለእንደዚህ ዓይነት ግድግዳ ላይ ለሚሰቀሉ ማሽኖች ኢኢአሩ ከ2.5 እስከ 4.5 አካባቢ ከሆነ የተካፈለው ዋት ለዋት ነው፤ ከ8 እስከ 15 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ቢቲዩ ለዋት ነው።

የመጀመሪያው ሻጭ ኢኢአር አልነገረዎትም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቁጥሩ የሚያኮራ ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ሳያዩ አይግዙ። ለምሳሌ የሚበላው 1,350 ዋት ሆኖ ቢገኝ፣ 12,000 ለ1,350 ሲካፈል 8.9 ይሆናል፤ በዋት ለዋት 2.6 ማለት ነው። ያው ሙቀት ይወጣል፣ ነገር ግን ከ1,080 ዋቱ ማሽን ጋር ሲነጻጸር በሙሉ ጉልበት በሠራ ቁጥር 270 ዋት ተጨማሪ ይበላል። በሙቀቱ ወቅት በቀን ስድስት ሰዓት በሙሉ ጉልበት ቢሠራ ልዩነቱ በቀን 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሱቁ በወር 26 ቀን ቢከፈት ደግሞ ወደ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህን ቆጣሪዎ በሚያስከፍልዎት የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያባዙትና ከሁለቱ ማሽኖች የዋጋ ልዩነት ጋር ያስተያዩት። ጎንደር ውስጥ ኤሲ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ጉልበት አይሠራም፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ክረምቱም እንደዚያው። በዚህ ምክንያት በጣም ውድ የሆነ ከፍተኛ ኢኢአር ያለው ማሽን ጅቡቲ ወይም ሰመራ ላይ ወጪውን በሚመልስበት ፍጥነት እዚህ አይመልስም። እኔ ለእርስዎ ከ3.0 በታች የሆነውን እተዋለሁ፣ ከ3.2 በላይ ለሆነው ግን ብዙ ጭማሪ አልከፍልም።

ሰሌዳውን ሲያነቡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሚበላውን ኤሌክትሪክ በተመለከተ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ በመደበኛ ፍተሻ ጊዜ የተለካው፣ ሌላው ማሽኑ በከፋ ሁኔታ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ኢኢአር የሚሰላው በመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የሚያገለግለው ኤሌክትሪሻኑ የሽቦውን ውፍረትና የብሬከሩን መጠን እንዲወስን ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት ማሽኖች ደግሞ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት ስለሚቀያይሩ አቅማቸው «3,500 (900–3,900)» በሚል ዓይነት ይጻፋል፤ ለስሌት ከቅንፉ ውጭ ያለውን ይውሰዱ። ወቅታዊ ምጣኔ ተብሎ የሚጻፈው ሌላ ቁጥር የዓመቱን ቀላልና ከባድ ሰዓቶች አማካይ ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ ከኢኢአር ከፍ ይላል፤ የአንዱን ማሽን ወቅታዊ ምጣኔ ከሌላው ኢኢአር ጋር ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወደ ክፍልዎ እንምጣ። ገበያ ላይ የሚሠራበት ልማድ ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ገደማ መያዝ ነው። የእርስዎ ሱቅ 27 ካሬ ሜትር ስለሆነ 16,200 ይመጣል፣ ሻጩም «18,000 ይሁንልህ» ይላል። ይህ ልማድ ለመካከለኛ መኖሪያ ክፍል አይከፋም፤ ነገር ግን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት እና ሰው የሚመላለስበት በር መኖራቸውን አያውቅም። የእርስዎ ሱቅ ሦስቱንም ይዟል። ስለዚህ ሙቀቱ ከየት ከየት እንደሚገባ እያንዳንዱን ለየብቻ መቁጠር ይሻላል። የኮርኒሱን ከፍታ 3 ሜትር፣ መስታወቱን 5 ካሬ ሜትር ብዬ ይዣለሁ፤ የእርስዎ ከተለየ ቁጥሩን ይቀይሩ። የምናሰላው ለመጋቢትና ለሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውጭው 31 ዲግሪ፣ ውስጡ 24 ዲግሪ ይሁን። 24ን የመረጥኩት ብዙ የመድኃኒት ማሸጊያዎች «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ስለሚሉ ነው።

ከጣሪያው እንጀምር። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆርቆሮ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አየር ከሰዓት በኋላ በቀላሉ ወደ 45 ዲግሪ ያደርሰዋል። ከዚያ አየርና ከክፍልዎ መካከል ያለው ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቺፕውድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ኮርኒስ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 2.5 ዋት ገደማ ያሳልፋል። 27 ካሬ ሜትር በ21 ዲግሪ ልዩነት ሲባዛ 1,400 ዋት ይሆናል። ኮርኒሱን ከሰዓት በኋላ በመዳፍዎ ቢነኩት ይህን ቁጥር ሳያሰሉ ያምኑታል፤ ከግድግዳው በግልጽ የሞቀ ሆኖ ያገኙታል፣ ራሱም ቀጥታ እናንተ ላይ ሙቀት ያበራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መስታወቱ ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ድረስ ብዙም አያስቸግርም። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ ይህም ውጭው ከሚሞቅበትና ጣሪያው ሙቀቱን ከሚለቅበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ወለሉና መደርደሪያው ከሚያስቀሩት ላይ ቀንሼ እንኳ ለአንድ ካሬ ሜትር 400 ዋት እይዛለሁ፤ በ5 ካሬ ሜትር 2,000 ዋት ማለት ነው። ይህ ብቻውን ከአንድ 6,000 ቢቲዩ ማሽን አቅም ይበልጣል።

የቀሩት በፍጥነት ያልፋሉ። የፊትና የኋላው የብሎኬት ግድግዳ፣ በመስታወቱ በኩል በአየሩ የሙቀት ልዩነት ብቻ የሚገባው እና ከጎረቤት ሱቆች የሚመጣው አንድ ላይ 950 ዋት ነው። ሁለት ሠራተኞችና ሦስት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ቢኖሩ፣ ለአንድ ሰው 120 ዋት ቢያዝ 600 ዋት ነው። የመድኃኒት ፍሪጁ፣ ኮምፒውተሩና መብራቱ 400 ዋት ይሰጣሉ፤ ፍሪጅ ውስጡን ሲያቀዘቅዝ ሙቀቱን የሚጥለው እዚያው ክፍል ውስጥ መሆኑን አይርሱ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው የውጭ አየር ሌላ 400 ዋት ነው። ድምሩ 5,750 ዋት፣ በቢቲዩ ወደ 19,600 ይደርሳል።

እዚህ ላይ የጎንደር ከፍታ ይገባል፤ ይህን ነገር የሚያነሳ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የኤሲው ማራገቢያ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም የሚያልፈው አየር ክብደት ይቀንሳል፣ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም የተለካው በባሕር ወለል አየር ግፊት ነው። አቅሙ የአየሩን ያህል አይወርድም፣ ምክንያቱም ጋዙ በተወሰነ ደረጃ ሁኔታውን ያካክሳል፤ በሌላ በኩል መደበኛው ፍተሻ የሚደረገው ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ስለሆነ የጎንደር ለዘብ ያለ ሙቀት ጥቂት ይመልሳል። እኔ እነዚህን አቻችዬ ለጎንደር ከሰሌዳው ላይ አንድ አስረኛ እቀንሳለሁ። አምራቹ የራሱ የከፍታ ሠንጠረዥ ካለው እሱን ይከተሉ። በዚህ መሠረት 5,750ን ለ0.9 ስናካፍል 6,390 ዋት፣ ማለትም 21,800 ቢቲዩ ያስፈልጋል። 12,000 ቢቀር 18,000 እንኳ አይበቃም፤ የሚቀጥለው መጠን 24,000 ነው።

ነገር ግን 24,000 ቢቲዩ እንዲገዙ አልመክርዎትም፤ አከራይዎ ምንም እንዳይነኩ ካልከለከሉ በስተቀር። ትልቁ ማሽን ራሱ ውድ ነው፣ ከ2,000 ዋት በላይ ስለሚስብ የተለየ መስመር ከቦርዱ መዘርጋት ይፈልጋል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ የሁለት ሰዓት ፀሐይ ነው። በቀሪው ጊዜ ከሚገባው በላይ ትልቅ ይሆናል። ኢንቨርተር ያልሆነ ትልቅ ማሽን ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይቆማል። በእያንዳንዱ መነሳት ኮምፕረሰሩ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ዝቅ ባለበት ሰዓት ይህ ኮምፕረሰሩን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው። በክረምት ደግሞ አጭር አጭር የሚሠራ ማሽን አየሩን ያቀዘቅዘዋል እንጂ እርጥበቱን ለመልቀም ጊዜ አያገኝም፣ መድኃኒት ደግሞ እርጥበትን አይወድም።

በዚህ ፈንታ ከገንዘቡ የተወሰነውን ጣሪያውና መስታወቱ ላይ ያውሉት። ከኮርኒሱ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፋይበርግላስ ቢነጠፍ የሚያልፈው ሙቀት ለካሬ ሜትር በዲግሪ ከ2.5 ወደ 0.6 ዋት ስለሚወርድ፣ 1,400 ዋቱ ወደ 350 ዋት ይጠጋል፤ ክፍተት መቅረቱ ስለማይቀር 400 ብለን እንያዝ። መስታወቱ ላይ ከውጭ የሚወርድ የሸራ ጥላ ከሰዓት በኋላ ቢወርድ 2,000 ዋቱ ወደ 700 ይወርዳል። «ከውጭ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ የውስጥ መጋረጃ የሚያግደው ብርሃኑን ነው፣ መስታወቱን አልፎ የገባው ሙቀት ግን አብዛኛው በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ሞቆ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ቋሚ በረንዳም ለቀትር ፀሐይ እንጂ ዝቅ ላለችው የምዕራብ ፀሐይ ብቻውን አይበቃም። በመጨረሻ በሩ ራሱን የሚዘጋ ቢደረግ ከ400 ዋቱ 200 ይቀንሳል።

ሲደመር 5,750 ዋት ወደ 3,250 ዋት ወረደ። ለከፍታው በ0.9 ሲካፈል 3,610 ዋት፣ ወደ 12,300 ቢቲዩ ነው። ባለ 12,000 ማሽን በጥቂቱ ያንሳል ማለት ነው፤ ሆኖም የክፍሉ ሙቀት ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ቢል ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከበር የሚገባው ወደ 200 ዋት ስለሚቀንስ የሚያስፈልገው 3,390 ዋት ይሆናል፣ ይህም ከማሽኑ አቅም ውስጥ ነው። እንግዲህ በዓመቱ እጅግ በሞቁት ከሰዓት በኋላዎች ማሽኑ ሳያቋርጥ እየሠራ ክፍሉን 25 ዲግሪ ጫፍ ላይ ይይዘዋል፣ በቀረው ጊዜ 24 ወይም ከዚያ በታች ያቆየዋል። ለቢሮ ቢሆን ይህን ስሌት ይዤ ያለ ጭንቀት 12,000 ኢንቨርተር ግዙ ባልኩ ነበር።

ለመድኃኒት ቤት ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ባለ 12,000ው ጫፍ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ማጣሪያው አቧራ ሲይዝ ወይም ጋዙ ጥቂት ሲቀንስ ከ25 ማለፉ አይቀርም፤ ከተበላሸ ደግሞ ጠጋኝ እስኪመጣ ምንም የለዎትም። ስለዚህ ጥላውና ፋይበርግላሱ ከገቡ በኋላ፣ አቅምዎ ከፈቀደ፣ በአንድ ባለ 12,000 ፈንታ ሁለት ባለ 9,000 ቢያስገቡ ይሻላል። ሁለቱ በአንድነት ለከፍታው ከተቀነሰ በኋላ ወደ 4,750 ዋት ይሰጣሉ፤ ለ3,250 ዋት ከበቂ በላይ ነው። አንዱ ቢበላሽ የቀረው 2,370 ዋት ገደማ ያወጣል። ያኔ በከፋው ሰዓት የሚጎድለው 880 ዋት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዲግሪ ጭነቱን በ200 ዋት ስለሚያቀል የክፍሉ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ይቆማል። «ከ30 ዲግሪ በታች» የሚሉት መድኃኒቶች አይነኩም፤ «ከ25 በታች» የሚሉትን ጠጋኙ እስኪመጣ ከመስታወቱና ከኮርኒሱ አርቀው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያደርጓቸዋል። የሁለት ማሽን የገጠማ ዋጋና ሁለት የመዳብ ቱቦ መስመር ተጨማሪ ወጪ መሆኑ አይካድም። አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ግን ከሦስቱ የማወዳደሪያው መንገድ ከላይ ያየነው ነው፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው እኩል ስለሆኑ ኢንቨርተር የሆነውንና መለዋወጫው እዚሁ ከተማ የሚገኘውን ይውሰዱ።

ስለ አገጣጠሙ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የውጭውን ክፍል ከመስታወቱ በላይ ምዕራብ ግድግዳ ላይ አያሰቅሉት። ሙቀት ለመጣል በጣም በሚቸገርበት ሰዓት ፀሐይ ስለሚመታው የሚበላው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ኢኢአሩም ሰሌዳው ላይ ካለው ይወርዳል። የኋላው ግድግዳ፣ ከፊቱ አየር የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ካለ፣ ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ አቅሙን በእጅዎ ከሚሰማዎት ቅዝቃዜ አይመዝኑት። እንደ ጎንደር ሳሳ ባለ አየር ከማሽኑ የሚወጣው ንፋስ ያው ሙቀት ሲወሰድበት የበለጠ ስለሚቀዘቅዝ ማሽኑ ጠንካራ ይመስላል፤ የሚያልፈው አየር ክብደት ማነሱ ግን በእጅ አይታወቅም። በመጋቢት አንድ ፀሐያማ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ፍሪጁን ሳይነቅሉ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው ማሽኑን 24 ላይ ያድርጉና የቆጣሪውን ንባብ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ይጻፉ። ቴርሞሜትሩን ከማሽኑ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ በመድኃኒቶቹ መካከል ያስቀምጡት። 1,080 ዋት የሚበላ ማሽን በሙሉ ጉልበት ሲሠራ የፍሪጁን ጨምሮ በዚያ ሰዓት ውስጥ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊቆጠር ይገባል። ቴርሞሜትሩ 25 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምንም አይንኩ። 28 እያነበበ ቆጣሪው ግን 0.7 ብቻ ከሄደ ማሽኑ የሰሌዳውን ያህል እየሠራ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጋዝ ማነስ ነው፣ ቀጭኑ የመዳብ ቱቦ መጋጠሚያው አካባቢ በረዶ መያዙም ይህን ያሳያል፤ ገጣሚውን መልሰው ይጥሩ። 28 እያነበበ ቆጣሪው 1.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሄደ ግን መጀመሪያ ማጣሪያው መታጠቡን፣ የውጭው ክፍል አየር ማግኘቱን ይመልከቱ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የሚገባው ሙቀት ነው የበዛው፣ ያኔ ጠጋኙን ሳይሆን ሸራውንና ኮርኒሱ ላይ የተነጠፈውን ፋይበርግላስ ይፈትሹ።